የፔንዱለሙ g ለምን 9.54 ሆነ? ስለ ላብ ሪፖርት የዲስከሽን ክፍል



በቅርቡ ከዐስር ሰላት በኋላ በምናደርገው የማስጠናት ፕሮግራም ላይ አንዲት የአንደኛ ዓመት እህት የፊዚክስ ላብ ሪፖርቷን ይዛ መጣች። ሙከራው ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ በክር በተንጠለጠለ የብረት ኳስ የመሬት ስበትን ፍጥነት መጨመሪያ፣ ማለትም gን መለካት። የእሷ ቡድን ያገኘው 9.54 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው። መመሪያው ላይ የተጻፈው 9.81 ነው። ለዲስከሽኑ ክፍል ከአሥር ያገኘችው ሦስት ብቻ ሲሆን፣ አራሚው ከጎኑ በቀይ እስክርቢቶ «ከየት አወቃችሁ?» ብሎ ጽፎበታል።

ዲስከሽኑ እንዲህ ይላል፦ «ውጤታችን ከትክክለኛው ዋጋ የተለየው በአየር መቋቋም፣ በሰው ስህተት እና በመሣሪያ ስህተት ምክንያት ነው።» እውነቱን ለመናገር እኔም በአንደኛ ዓመቴ የጻፍኩት ይህንኑ ነበር። ችግሩ ዐረፍተ ነገሩ ሐሰት መሆኑ አይደለም። ችግሩ ለማንኛውም ሙከራ የሚሆን መሆኑ ነው። ውጤቱ 10.2 ቢሆንም ይኸው ዐረፍተ ነገር ያለ አንድ ፊደል ለውጥ ይጻፍ ነበር። ሁለቱንም አቅጣጫ የሚያስረዳ ምክንያት አንዱንም አላስረዳም።

ስለዚህ አንድ ምክንያት በዲስከሽን ውስጥ ቦታ ከማግኘቱ በፊት ሁለት ጥያቄ መመለስ አለበት። gን ወደየት ይገፋዋል፣ ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች? ቢገፋውስ በምን ያህል? በእኛ ጉዳይ የጎደለው 0.27 ነው። ተጠርጣሪዎቹን በዚህ ሚዛን አንድ በአንድ አየናቸው።

አየሩን እናስቀድም፤ ሁሉም መጀመሪያ የሚወነጅለው እሱን ስለሆነ። አየር በፔንዱለም ላይ የሚያደርገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ውዝዋዜው ቀስ በቀስ እንዲጠብ ያደርጋል። ይህ በዓይን ስለሚታይ ትልቅ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የእያንዳንዱን ምልልስ ጊዜ አይለውጠውም ማለት ይቻላል። ሁለተኛ ኳሱን በጥቂቱ ያቀልለዋል፣ በዙሪያው ያለውን አየርም አብሮ ይጎትታል። ብረት ከአዲስ አበባ አየር 8,000 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ፣ ይህ ሁሉ ተደምሮ gን ዝቅ የሚያደርገው ቢበዛ በ0.003 አካባቢ ነው። አቅጣጫው ትክክል ነው፤ መጠኑ ግን ከምንፈልገው መቶኛ እጅ ገደማ ነው። አየሩ ነጻ ወጣ።

ቀጥሎ «የሰው ስህተት»። ይህ ቃል ስም እንጂ ምክንያት አይደለም፤ ስለዚህ የትኛው ሰው የት ላይ ምን እንደሠራ መባል አለበት። የተለመደው ስቶፕዎች ሲጫን የእጅ መዘግየት ነው። ቡድኑ የለካው የሃያ ምልልስ ጊዜ ነው (ኳሱ ሄዶ ሲመለስ አንድ ምልልስ ይባላል)። በአንድ ሜትር ክር ይህ ወደ 40 ሰከንድ ይወስዳል። እጅ በ0.2 ሰከንድ ቢሳሳት ከመቶ ግማሽ ነው፤ በቀመሩ ውስጥ ጊዜው በካሬ ስለሚገባ በg ላይ ከመቶ አንድ፣ ማለትም ወደ 0.1 ይሆናል። ይህ የሚናቅ አይደለም። ግን አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች የሚያወዛውዝ ስህተት ነው። ቡድኑ በአምስት የተለያዩ ርዝመቶች ለክቶ አምስቱም ከ9.81 በታች ወድቀዋል። በዚያ ላይ ብዙ ሰው ሰዓቱን ሲያስጀምር ይዘገያል፣ ሲያቆም ግን ኳሱ ሲመጣ እያየ አስቀድሞ ይዘጋጃል። ያኔ ጊዜው ያጥራል፤ g ደግሞ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። አቅጣጫው ተቃራኒ ነው።

የአቆጣጠር ስህተትም ቶሎ ይጣራል። አንድ ምልልስ በትርፍ ተቆጥሮ ሃያ አንዱ በሃያ ቢካፈል g ወደ 8.9 ይወርዳል፤ አንድ ቢጎድል ደግሞ ወደ 10.8 ይወጣል። 9.54 ከሁለቱም ሩቅ ነው።

አንግሉስ? የምናውቀው ቀመር T = 2π√(L/g) የሚሠራው ለትንሽ አንግል ነው። አንግሉ ሲሰፋ ምልልሱ ይረዝማል፣ የምናሰላው g ይቀንሳል። ይኸኛው አቅጣጫው ትክክል ስለሆነ በቁጥር መታየት አለበት። በ5 ዲግሪ ሲለቀቅ g በ0.01 ብቻ ይቀንሳል። በ20 ዲግሪ በ0.15 ይቀንሳል። 0.27 እንዲጎድል ኳሱ በ27 ዲግሪ አካባቢ መለቀቅ አለበት። እህታችን በፕሮትራክተር 5 ዲግሪ ለክተው እንደለቀቁ አስረግጣ ነገረችን። ተሳስተው 10 ቢሆን እንኳ የሚጎድለው 0.04 አይሞላም።

እንግዲህ የቀረው ርዝመቱ ነው። እዚህ ላይ «ርዝመቱን ስትለኩ ከየት እስከ የት ለካችሁ?» ብዬ ከመጠየቄ በፊት ሰንጠረዡን እንድታመጣ አደረግሁ፤ መልሱ እዚያው ተቀምጦ ሊሆን ስለሚችል።

የሃያ ምልልስ ጊዜው በ40 ሴንቲ ሜትር 25.93 ሰከንድ፣ በ55 ሴንቲ ሜትር 30.17፣ በ70 ሴንቲ ሜትር 34.03፣ በ85 ሴንቲ ሜትር 37.37፣ በ100 ሴንቲ ሜትር 40.54 ነው። ቡድኑ ከእያንዳንዱ gን አስልቶ አማካዩን ብቻ ነው ሪፖርቱ ላይ የጻፈው። አምስቱን በተርታ ስናስቀምጣቸው ግን 9.39፣ 9.54፣ 9.55፣ 9.61፣ 9.61 ናቸው።

እስቲ ቆም ብላችሁ ተመልከቷቸው። ዝም ብለው የተበተኑ አይደሉም፤ ክሩ በረዘመ ቁጥር እየተሻሻሉ ነው። አማካዩ ይህንን ደብቆት ነበር። አጭሩ ክር ከመቶ አራት ገደማ ሲጎድለው ረጅሙ ከመቶ ሁለት ገደማ ነው የሚጎድለው። ይህ ደግሞ ብዙ ተጠርጣሪዎችን በአንድ ጊዜ ያስወጣል። ክሩ ተለጥጦ ቢሆን ረጅሙ ክር በዚያው ልክ የበለጠ ይለጠጥ ስለነበር ሁሉም በእኩል ፐርሰንት ይጎድሉ ነበር። አንግሉ ሰፍቶ ቢሆንም፣ ሰዓቱ ፈጥኖ ቢሆንም፣ ቆጠራው ቢሳሳትም እንዲሁ። አጭሩን የበለጠ የሚጎዳው ርዝመቱ ላይ የተደረገ ቋሚ ስህተት ነው፤ በሁሉም ላይ እኩል ሴንቲ ሜትር የጎደለ። አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ከ40 ላይ ሲጎድል ይሰማል፣ ከ100 ላይ ሲጎድል ብዙም አይሰማም።

ይህንን በግራፍ ማየት ይሻላል። የምልልሱን ጊዜ ካሬ፣ T²ን፣ ቀጥ ባለው አክሲስ፣ ርዝመቱን በአግድሙ አስቀመጥን። ቲዎሪው ትክክል ከሆነና ርዝመቱም ሙሉ ከሆነ መስመሩ በዜሮ በኩል ማለፍ አለበት፤ ርዝመት ከሌለ ምልልስ የለምና። አምስቱ ነጥቦች ጥሩ ቀጥ ያለ መስመር ሠሩ፤ መስመሩ ግን በዜሮ አላለፈም። T²ን የቆረጠው 0.057 ላይ ነው። ስሎፑ 4.048 ነው።

ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ሁለት ነገር ይገኛል። የመጀመሪያው g ነው። 4π²ን፣ ማለትም 39.48ን፣ ለ4.048 ስናካፍል 9.75 ይመጣል። የስሎፑን ጥርጣሬ ስናሰላው ወደ 0.04 ስለሆነ 9.75 ± 0.04 እንላለን። ያው መረጃ ነው፤ አንድም አዲስ ልኬት አልተጨመረም፤ ከ9.54 ወደ 9.75 ያመጣን ስሎፑ ለቋሚ የርዝመት ስህተት ደንታ የሌለው መሆኑ ብቻ ነው። ሁለተኛው የጠፋው ርዝመት ራሱ ነው። 0.057ን ለ4.048 ስናካፍል 0.014 ሜትር፣ ማለትም 1.4 ሴንቲ ሜትር እናገኛለን፤ ጥርጣሬው ወደ 0.3 ሴንቲ ሜትር ነው።

ጥያቄውን የጠየቅኳት ያን ጊዜ ነው። «ከክላምፑ እስከ ኳሱ ቀለበት» አለች። የለኩት ክሩን ነው። የፔንዱለም ርዝመት ግን ክሩ የተያዘበት ቦታ ጀምሮ እስከ ኳሱ መሐል ነው። በማግስቱ ላብ ሄዳ ኳሱን በቨርኒየር ካሊፐር ለካችው። ዲያሜትሩ 2.4 ሴንቲ ሜትር፣ ስለዚህ እስከ መሐሉ 1.2፤ ቀለበቱ 0.3። ድምሩ 1.5 ሴንቲ ሜትር። ግራፉ የተናገረው 1.4 ± 0.3 ነበር።

በየርዝመቱ ላይ 1.5 ሴንቲ ሜትር ጨምረን እንደገና ስናሰላ አምስቱ የg ዋጋዎች 9.75፣ 9.80፣ 9.75፣ 9.78፣ 9.75 ሆኑ። የመውጣት አዝማሚያው ጠፋ፤ የቀረው ወዲያና ወዲህ ማለት ነው፣ ያም የእጁ ስህተት ነው። አማካዩ 9.77 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። እህታችን እንደነገረችን፣ ሪፖርቱ ከመግባቱ በፊት በነበረው ምሽት ከቡድኑ አንዱ «25.93ን 25.39 ብናደርገው እኮ በቃ 9.8 ይመጣል፤ ሁለት አሃዝ መገለባበጥ ነው» ብሎ ነበር። እሷ እምቢ ብላ ነው በ9.54 የገባው፣ ነጥቡም የተቀነሰው። የመዘገቡትን እንዳለ ማስቀመጥ አማና መሆኑ ለእናንተ የሚነገር አይደለም። ከፊዚክሱ በኩል ግን ይህንን አስተውሉ፤ ከአምስቱ ቁጥሮች የጠፋውን ርዝመት ጮክ ብሎ የሚናገረው ያ በ40 ሴንቲ ሜትር የተገኘው «መጥፎ» ቁጥር ነው። ቢለወጥ ኖሮ መስመሩ ይጣመም፣ ኢንተርሴፕቱ ይበላሽ ነበር፤ ምክንያቱንም ማንም አያገኘውም ነበር።

አንድ ገደብም አለ። ኢንተርሴፕቱ የጠፋ ርዝመት እንዳለ ይናገራል፤ የት እንደጠፋ ግን አይናገርም። ለምሳሌ ስታንዱ ላላ ብሎ ከኳሱ ጋር አብሮ የሚወዛወዝ ከሆነ ፔንዱለሙ ትንሽ እንደረዘመ ሆኖ ይሠራል። ያም በሁሉም ርዝመት ላይ በእኩል መጠን ስለሚጨምር በግራፉ ላይ ከኳሱ ግማሽ ዲያሜትር ጋር አይለይም። ስለዚህ ካሊፐሩ የግድ ነበር። ካሊፐሩ 0.5 ብቻ ሰጥቶን ቢሆን ቀሪውን ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ስታንዱ ላይ እንፈልግ ነበር። መለያው ቀላል ነው፤ በመጠን እኩል ሆኖ የከበደ ኳስ ማንጠልጠል። የስታንዱ ስህተት ከኳሱ ክብደት ጋር ያድጋል፣ የግማሽ ዲያሜትሩ ግን ባለበት ይቆያል።

አሁን 9.77 ደርሰናል፤ ከ9.81 ግን አሁንም 0.04 ይጎድላል። ጥርጣሬያችን፣ የሜትሩን አንድ ሚሊ ሜትር ጨምረን፣ ወደ 0.02 ነው። ታዲያ ቀሪው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ጣታችንን ወደ መመሪያው እናዞራለን። ሪፖርቱ «ትክክለኛው ዋጋ» ያለው 9.81 የት ቦታ ነው ትክክል የሆነው?

9.81 የለንደንና የፓሪስ አካባቢ ዋጋ ነው። g በመሬት ላይ ሁሉ አንድ አይደለም። መሬት ስለምትሽከረከርና ወገቧ ላይ ስለተነፋች ወደ ምድር ወገብ በቀረብን ቁጥር g ይቀንሳል። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች በባሕር ወለል ከፍታ ብትሆን ኖሮ 9.782 ነበር የሚኖራት። እሷ ግን 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላለች፤ ለእያንዳንዱ ሺህ ሜትር ከፍታ 0.003 ይቀነሳል። እንግዲህ ላባችን ውስጥ የሚጠበቀው ዋጋ ወደ 9.77 ነው። ከሥራችን ያለው ዐለት ሦስተኛውን አሃዝ ትንሽ ሊነካው ይችላል፤ ለእኛ ስቶፕዎች ግን ያ አይታይም። 9.80665 የሚለው ደግሞ በ1901 በዓለም አቀፍ የመለኪያዎች ጉባኤ የተወሰነ ስምምነት እንጂ የማንም ላብ ልኬት አይደለም።

ይህ አዲስ ታሪክ አይደለም። በ1672 ዣን ሪሼር የሚባል ፈረንሳዊ የሥነ ፈለክ ሰው ለምድር ወገብ ቅርብ ወደሆነችው ካየን፣ ደቡብ አሜሪካ፣ ሄዶ ነበር። ፓሪስ ላይ ልክ የነበረው የፔንዱለም ሰዓት እዚያ በየቀኑ ወደ ሁለት ደቂቃ ተኩል ወደ ኋላ ቀረበት። ፔንዱለሙን በሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ማሳጠር ግድ ሆነበት። «የመሣሪያ ስህተት» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ ለወራት ደጋግሞ ለካው። በኋላ ኒውተን በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ መሬት ወገቧ ላይ የተነፋች ስለመሆኗ ሲከራከር ይህንን ልኬት ተጠቅሞበታል። ሁለት ደቂቃ ተኩል በቀን ማለት በg ላይ ከመቶ 0.35 ያህል ነው። 9.81 ላይ ሆናችሁ 9.775ን ስታዩ ያለው ክፍተትም ያው ከመቶ 0.35 ነው።

ሆኖም እህታችን «ስለዚህ የአዲስ አበባ g ከለንደን እንደሚያንስ አረጋገጥን» ብላ ልትጽፍ ስትል ከለከልኳት። 0.04 ልዩነት በ0.02 ጥርጣሬ ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ወደዚያ ያመለክታል፤ ማረጋገጥ ግን ይቀረዋል። ሃያውን ምልልስ ወደ መቶ ቢያሳድጉት የእጁ ስህተት በአምስት ይካፈል ነበር፤ ያኔ አንግሉም ተስተካክሎ፣ ርዝመቱም እስከ ግማሽ ሚሊ ሜትር ተለክቶ፣ ስለ ሁለተኛው አሃዝ መናገር ይቻል ነበር።

አስተካክላ ያስገባችው ዲስከሽን፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ ይህን ይመስላል፦

«ከአምስቱ ርዝመቶች በተናጠል የተሰላው g ከ9.39 እስከ 9.61 ነው፤ ክሩ ሲረዝም ይጨምራል። ይህ አዝማሚያ በሁሉም ርዝመት ላይ እኩል የጎደለ መጠን እንዳለ ያመለክታል። የT² እና የርዝመት ግራፍ ቀጥታ መስመር ሲሆን የጎደለው ርዝመት 1.4 ± 0.3 ሴ.ሜ ነው። ርዝመቱ የተለካው እስከ ኳሱ ቀለበት እንጂ እስከ ኳሱ መሐል አልነበረም፤ በካሊፐር የተለካው ልዩነት 1.5 ሴ.ሜ ነው። ይህ ሲታረም g = 9.77 ± 0.02 ይሆናል፣ አዝማሚያውም ይጠፋል። የአየር ተጽዕኖ (ቢበዛ 0.003) እና የ5 ዲግሪ አንግል (0.01) ልዩነቱን ለማስረዳት ያንሳሉ። በአዲስ አበባ ኬክሮስና ከፍታ የሚጠበቀው ዋጋ ወደ 9.77 ሲሆን ውጤታችን ከዚህ ጋር ይስማማል። ከ9.81 ጋር ያለው ልዩነት የጥርጣሬው ሁለት እጥፍ ስለሆነ በዚህ መረጃ ብቻ አይወሰንም። የስታንዱ መወዛወዝ አልተለካም።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር የጨመረችው ራሷ ናት። በሚቀጥለው የላብ ቀን እኩል መጠን ያለው የእርሳስ ኳስ ለመጠየቅ አስባለች።